ብዙ እየከፈልኩ ለምን ትንሽ ድርሻ ይደርሰኛል?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የሶፍትዌር ኢንጂነር ነኝ፣ ዕድሜዬ 44። ደሞዜ በዓመት 240,000 ዶላር ነው፤ በወር ሁለቴ ይከፈለኛል። ባለፈው ኦክቶበር ማንም ምንም ሳይለኝ ቼኬ በ620 ዶላር አደገ። ኖቬምበር አጋማሽ ላይ 90 ዶላር ተመልሶ ተቀነሰ። ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ሁሉም ወደ ድሮው ተመለሰ። ግራ ቢገባኝ የሶሻል ሴኩሪቲ አካውንቴን ከፍቼ አየሁ። በኔ ስሌት በ67 ዓመቴ የማገኘው ጡረታ የደሞዜን አንድ አምስተኛ አይሞላም። ታላቅ እህቴ አሜሪካ የመጣችው በ45 ዓመቷ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ በወር 3,000 ዶላር ታገኛለች። የሷ ጡረታ ግን ወደ ደሞዟ ግማሽ ይጠጋል። ባሏ ኡበር ይነዳል። ታክስ የሚሠራለት ሰው በየዓመቱ የተጣራ ገቢውን 5,000 ዶላር ብቻ አድርጎ ነው የሚያስገባለት፤ እሱም ‹ስናረጅ መንግሥት ይጦረናል› ይላል። ከሁላችን በላይ የምከፍለው እኔ፣ ትንሹ ድርሻ የሚደርሰኝም እኔ። ይሄ ፍትሕ ነው? ጓደኛዬ ‹በ1099 ሥራ፣ ትገላገላለህ› ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ጡረታህ ከደሞዝህ አንጻር የሚያንሰው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንተ ግን አንድ ላይ ቀላቅለህ ነው ያየሃቸው። አንደኛው ከኪስህ አንዲት ሳንቲም አልወሰደም። ሁለተኛው በርግጥም ካንተ ወደ እህትህ የሚሻገር ገንዘብ ነው። ለየብቻቸው ካየሃቸው ቅሬታህ የትኛው ላይ እንደሆነ በደንብ ታውቃለህ። ከዚያ ወደ እህትህ ባል እመለሳለሁ። ከደብዳቤህ ሁሉ ያሳሰበኝ የሱ ነገር ነው።

ከቼክህ እንጀምር። የምጠቅስልህ ቁጥሮች በአብዛኛው የ2025 ናቸው፤ ብዙዎቹ በየዓመቱ ከፍ ይላሉ።

ለሶሻል ሴኩሪቲ ከደሞዝህ 6.2 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪህም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ይህ መዋጮ ግን ጣሪያ አለው። በ2025 ጣሪያው 176,100 ዶላር ነበር። በዓመቱ ውስጥ የተከፈለህ ደሞዝ እዚያ ሲደርስ መቆረጡ ይቆማል። ያንተን እንቁጠረው። በየ15 ቀኑ 10,000 ዶላር ይከፈልሃል። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ 18ኛውን ቼክ ስትቀበል 180,000 ደርሰሃል። ስለዚህ ከዚያ ቼክ ላይ የተቆረጠብህ ከ6,100 ዶላሩ ብቻ ነው። ከኦክቶበር ጀምሮ ጭራሽ የሚቆረጥ የለም። የ10,000 ዶላር 6.2 በመቶ 620 ዶላር ነው። ቼክህ ያደገው በዚሁ ልክ ነው።

የኖቬምበሩ 90 ዶላር ሌላ ነገር ነው። ሜዲኬር ለብቻው 1.45 በመቶ ይቆረጣል። ይሄኛው ድሮ ጣሪያ ነበረው፤ ከ1994 ጀምሮ ግን ተነስቷል፣ ከመጨረሻዋ ዶላር ድረስ ይቆረጣል። ደሞዝህ በዓመቱ ውስጥ 200,000 ሲያልፍ ደግሞ አሠሪህ ተጨማሪ 0.9 በመቶ የመቁረጥ ግዴታ አለበት። 20ኛው ቼክህ ላይ ልክ 200,000 ሞላህ። ከ21ኛው፣ ማለትም ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ ከየቼኩ 90 ዶላር ሄደ። ጃንዋሪ 1 ሲመጣ ሁሉም ቆጠራ ከዜሮ ይጀምራል። የተበላሸ ነገር የለም፣ የደሞዝ ክፍልህም አልተሳሳተም።

ይህንን ራስህ ማረጋገጥ ከፈለግክ የዓመቱን ደብሊው-2 አውጣና ሣጥን 3ን ተመልከት። እዚያ ያለው 240,000 አይደለም፤ 176,100 ነው። ሣጥን 4 ላይ 10,918.20 ዶላር ታገኛለህ፤ በ2025 ከአንድ ተቀጣሪ ሊቆረጥ የሚችለው ከፍተኛው የሶሻል ሴኩሪቲ መዋጮ እሱ ነው። የሜዲኬሩ ሣጥን 5 ግን ጣሪያ ስለሌለው ሙሉውን ደሞዝ ነው የሚያሳየው። ለ401ኬ የምታስገባው ገንዘብ ከሣጥን 1 ይቀነሳል እንጂ ከሣጥን 3 እና 5 አይቀነስም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጣሪያው የሚሠራው በሁለት በኩል ነው። ከ176,100 በላይ ካገኘኸው 63,900 ዶላር ለሶሻል ሴኩሪቲ ምንም አልከፈልክም። ያ 63,900 ዶላር ጡረታህ ሲሰላም አይቆጠርም። በመዝገብህ ላይ የለም። አንተ ግን ጡረታህን ከሙሉው 240,000 ጋር ነው ያነጻጸርከው። መድን ያልገባህለትን ንብረት ዋጋ ከመድን ክፍያው ጋር እንደማነጻጸር ነው። ድርሻው ያነሰ የሚመስለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በዚህኛው በኩል የተወሰደብህ ነገር የለም፤ እንዲያውም 3,961.80 ዶላር እጅህ ላይ ቀርቷል።

ሕጉ ጣሪያ ያበጀው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕጉን የፈረሙት በ1935 ነው፤ መዋጮው በ1937 ሲጀመር ጣሪያው በዓመት 3,000 ዶላር፣ መዋጮው ደግሞ 1 በመቶ ነበር። ማንም ሰው፣ ምንም ያህል ሀብታም ቢሆን፣ በዓመት ከ30 ዶላር በላይ አይቆረጥበትም ነበር ማለት ነው። መሠረታዊ ኑሮን ለማቆም የታሰበ እንጂ የትልቅ ደሞዝተኛን ኑሮ እንዳለ ለማስቀጠል የታሰበ አይደለም። ከዚያ በላይ ያለውን ሰው ራሱ እንዲያጠራቅም ተተወ። መንግሥትም በበኩሉ ለአንድ ሰው ሊከፍል የሚገባው የጡረታ ዕዳ ገደብ ተበጀለት። ዛሬ ጣሪያው የአገሪቱን አማካይ ደሞዝ ተከትሎ በራሱ ከፍ ይላል። ለ2026 184,500 ዶላር ሆኗል። ስለዚህ ዘንድሮ ቼክህ የሚያድገው ካለፈው ዓመት ትንሽ ዘግይቶ ነው፤ አትደንግጥ።

ሁለተኛው ምክንያት ስሌቱ ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ።

ጡረታህን ለማስላት መጀመሪያ የሠራህባቸው ዓመታት ደሞዝ በመዝገብ ይያዛል። የድሮው ደሞዝ በአገሪቱ አማካይ የደሞዝ ዕድገት ተባዝቶ ወደ ቅርብ ጊዜ ዋጋ ይመጣል። ከዚያ ከፍተኛ ገቢ ያገኘህባቸው 35 ዓመታት ይመረጣሉ። ይደመሩና በወር ይካፈላሉ። 35 ዓመት ካልሞላህ የጎደለው ዓመት ዜሮ ሆኖ ይገባል። የሚወጣው የወር አማካይ ገቢህ ነው።

ይህ የወር አማካይ በሦስት ይከፈላል። ከመጀመሪያው 1,226 ዶላር ላይ 90 በመቶ ታገኛለህ። ከዚያ በላይ እስከ 7,391 ዶላር ካለው ላይ 32 በመቶ። ከ7,391 በላይ ካለው ላይ ደግሞ 15 በመቶ። እነዚህ ሦስት መቶኛዎች በ1977 በወጣ ሕግ የተተከሉ ናቸው፤ እስከ ዛሬ አልተነኩም። በየዓመቱ የሚለወጡት መለያ ነጥቦቹ፣ ማለትም 1,226 እና 7,391 ብቻ ናቸው። ላንተና ለቤተሰብህ የሚሠራው ነጥብ እያንዳንዳችሁ 62 ዓመት ስትሞሉ የሚኖረው ነው። በዛሬው ዋጋ ማስላቱ ግን ምስሉን በደንብ ያሳያል።

እህትህን እንውሰድ። በወር 3,000 እያገኘች ከ45 እስከ 67 ዓመቷ ብትሠራ 22 ዓመት ይሆናል። 13 ዓመት ዜሮ ገባ። ስለዚህ አማካይዋ ከ3,000 ወደ 1,885 ዶላር ይወርዳል። ከመጀመሪያው 1,226 ላይ 1,103 ዶላር ታገኛለች። ከቀረው 659 ዶላር ላይ 32 በመቶ፣ 211 ዶላር። ድምሩ በወር 1,314 ዶላር። ከ3,000 ዶላር ደሞዟ አንጻር ወደ 44 በመቶ ነው። አንተ «ወደ ግማሽ ይጠጋል» ያልከው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በልልኝ። እህትህ 35 ዓመት ሙሉ ብትሠራ ኖሮ በዚሁ ስሌት 1,671 ዶላር ታገኝ ነበር። ከ35ቱ ዓመት ከሲሶው በላይ ጎድሎባታል፤ ጡረታዋ የቀነሰው ግን በአንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ዜሮዎቹ የበሉት 32 በመቶ የሚታሰብበትን ክፍል ብቻ ነው። 90 በመቶ የሚታሰብበት የመጀመሪያው ክፍል አልተነካም። ስሌቱ ገቢዋ ዝቅ ያለው ደሞዟ ትንሽ ስለሆነ ይሁን ዘግይታ ስለመጣች ለይቶ አያውቅም። በጉልምስና ዕድሜው ከአገር ወጥቶ ለሚመጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በኛ ሰው መካከል ግን እምብዛም ሲነገር አልሰማም።

አሁን አንተ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደሞዝህ እንደዛሬው እንደማይሆን ገምቼ የ35 ዓመት አማካይህን በወር 12,000 ዶላር ልያዘው። ከመጀመሪያው ክፍል 1,103 ዶላር። ከሁለተኛው 1,973 ዶላር። ከሦስተኛው 691 ዶላር። ድምሩ 3,767 ዶላር ነው። ከተቆጠረልህ 12,000 አንጻር 31 በመቶ ይሆናል። ከወር ደሞዝህ ከ20,000 ጋር ስታስተያየው ግን ከ19 በመቶ በታች ነው። በ31 እና በ19 መካከል ያለው ልዩነት በዋናነት የጣሪያው ነው፣ የቀረው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝቅተኛ ደሞዝ ነው። እህትህ ግን ከተቆጠረላት 1,885 አንጻር ወደ 70 በመቶ ታገኛለች፤ በ70 እና በ31 መካከል ያለው ልዩነት የስሌቱ ነው።

ደግሞም እህትህ ያገኘችው 1,103 ዶላር ያንተም ውስጥ አለ። ሳንቲሙ እንኳ አይለይም። ትልቅ ደሞዝ ስላለህ የመጀመሪያዋ ዶላርህ በዝቅተኛ መቶኛ አልተሰላችም። የሁላችንም የመጀመሪያ 1,226 ዶላር በ90 በመቶ ነው የሚታሰበው። ያንተ ድርሻ የሚያንሰው ከዚያ በላይ ብዙ ስላለህ፣ ያ ብዙው ደግሞ በ32 እና በ15 በመቶ ስለሚታሰብ ነው። የተቆጠረልህ ገቢ ከሷ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው፤ ጡረታህ ግን ወደ ሦስት እጥፍ ብቻ ነው።

ይህ ማሻገር ነው፣ አልደብቅህም። እዚህ ደረጃ ላይ ከደረስክ በኋላ አማካይህን በ100 ዶላር ብታሳድግ ጡረታህ የሚያድገው በ15 ዶላር ነው። የእህትህ በ32 ያድጋል። የምትከፍሉት መቶኛ ግን አንድ ነው።

ፍትሕ ነው ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴ የሚከተለው ነው። ደሞዝህ 240,000 ዶላር ሲሆን ቤት እየገዛህ፣ 401ኬ እየሞላህ፣ ለክፉ ቀን እያስቀመጥክ ትኖራለህ። በወር 3,000 ዶላር ገቢ ግን ኪራይ ከፍሎ፣ ልጅ አስተምሮ፣ አገር ቤት ልኮ ምንም አይተርፍም። እህትህ ስታረጅ የሚኖራት ገቢ ይኸው ጡረታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለሁለታችሁም 31 በመቶ ቢሰጥ ኖሮ ከአማካይዋ 1,885 ላይ የሚደርሳት 590 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ክፍል እንኳ መከራየት አይቻልም። ያኔ ደግሞ ወሩን የምትሞላላት አንተ እንደሆንክ እኔም አንተም እናውቃለን።

ምናልባት የሚያስከፋህ አገር ቤት የለመድነው ሌላ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል። ድርሻህን የሚወስነው የአገልግሎት ዘመንህ ርዝመት ነው። እኩል ዓመት ያገለገሉ ዳይሬክተርና ጥበቃ ከየደሞዛቸው ተመሳሳይ መቶኛ ይደርሳቸዋል። የአሜሪካው በዓመት ርዝመትም በደሞዝ መጠንም ያያል። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ አንዱን በሌላው መለኪያ ስትመዝነው ግን የተበደልክ ይመስልሃል።

ላንተ የሚያደላ ነገርም አለ። ገቢው ከፍ ያለ ሰው በአማካይ ረዘም ያለ ዕድሜ ስለሚኖር ቼኩን ለብዙ ዓመት ይቀበላል። ይህም በስሌቱ ያጣውን በከፊል ይመልስለታል። በሌላ በኩል ጡረታ ስትወጣ ሌላ ገቢህ ትልቅ ከሆነ ከሶሻል ሴኩሪቲህ እስከ 85 በመቶው የገቢ ግብር ይታሰብበታል። ከአሁኑ እወቀው።

ወደ 1099፣ ማለትም ተቀጣሪ ሳትሆን በግልህ ወደ መሥራቱ ልምጣ። ጓደኛህ ጥሩ አልመከረህም። በ1099 ስትሠራ የአሠሪውንም ድርሻ የምትከፍለው አንተ ነህ። ለሶሻል ሴኩሪቲ ብቻ 12.4 በመቶ ይሆናል። በ2025 ጣሪያ ከ10,918 ዶላር ወደ 21,836 ዶላር ይወጣል። ግማሹን ከሚታክስ ገቢህ ላይ ታስቀንሳለህ፤ ያም ሆኖ ተጨማሪ ወጪ ነው፣ ጡረታህንም በአንዲት ዶላር አያሳድገውም። የክፍያ ዋጋህን በዚያ ልክ የሚጨምርልህ ሰው ካላገኘህ በስተቀር አትነካካው።

ሥራ ከቀየርክ ግን የምትጠነቀቅበት ነገር አለ። አዲሱ አሠሪህ በድሮው ቤት ስንት እንደተቆረጠብህ አይቆጥርልህም፤ ከዜሮ ይጀምራል። ለምሳሌ እስከ ጁላይ መጨረሻ አንድ ቦታ 140,000፣ ከዚያ ሌላ ቦታ 100,000 ቢከፈልህ ሁለቱም ሙሉውን ይቆርጣሉ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ዘንድ ለየብቻ ጣሪያው አልተነካም። በ2025 ቢሆን 14,880 ዶላር ይቆረጥብህ ነበር፤ ከጣሪያው የተረፈው 3,961.80 ዶላር ያንተ ነው። በ1040 ላይ፣ ስኬጁል 3 በሚባለው ቅጽ ታስመልሰዋለህ። ካልጠየቅክ ማንም ፈልጎ አይሰጥህም። የደብሊው-2ዎችህን ሣጥን 4 ደምር፤ ከዓመቱ ከፍተኛ መዋጮ ከበለጠ ገንዘብ አለህ ማለት ነው። ሁለት እና ከዚያ በላይ አሠሪ ሲኖርህ ነው ይህ የሚሠራው። አንድ አሠሪ ብቻውን ከጣሪያ በላይ ከቆረጠ የሚመልስልህ ራሱ አሠሪው ነው።

ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር የሚጨምረውን ገንዘብ በተመለከተ፣ ጡረታህ የማይሸፍነው የደሞዝህ ክፍል ልክ ይኸው ነውና ለዚሁ ቀዳዳ አውለው። ኦክቶበር ሲደርስ የ401ኬ መቶኛህን ከፍ አድርገው፤ ሞልቶብህ ከሆነ ወደ አይአርኤ ላከው። ቼክህ በእጅህ የለመድከው ያህል ሆኖ ይቀጥላል፣ ልዩነቱ ተጠራቅሞ ይቆይሃል።

አሁን ወደ እህትህ ባል።

ብዙ ሰው ስለ ጣሪያው ይናደዳል፤ ኑሮን የሚያናጋው ግን ከታች ያለው ወለል ነው። በግል ለሚሠራ ሰው የተጣራ ገቢው በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ መዋጮ ይጀመራል። ከዚያ በታች አይከፍልም፣ አይመዘገብለትምም። 400 ማለፍ ማለት ግን ጡረታ ማግኘት ማለት አይደለም። ለጡረታ 40 ክሬዲት ያስፈልጋል። በ2025 አንድ ክሬዲት የሚያዘው በ1,810 ዶላር ሲሆን በዓመት ከአራት አይበልጥም። አራቱን ለመያዝ 7,240 ዶላር ገቢ ያስፈልጋል። በሙሉ ጊዜ የሚሠራ ሰው ይህን ሳያውቀው ነው የሚያልፈው፤ 40ውን በ10 ዓመት ይጨርሳል።

እሱ 5,000 ዶላር ያስመዘግባል። ለግል ሠራተኛ የሚቆጠረው የተጣራው ገቢ 92.35 በመቶ ነው። 4,617 ዶላር ይሆናል። በዚህ የሚያዘው ሁለት ክሬዲት ብቻ ነው፤ ለሦስተኛው 5,430 ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ 40 ክሬዲት ለመሙላት 20 ዓመት ይፈጅበታል። ሰውዬው ቀን ከሌት እየነዳ በመዝገቡ ግን የግማሽ ዓመት ሠራተኛ ነው። 20 ዓመት ሳይሞላ ቢያቆም ያዋጣው ሁሉ ጡረታ አይሆንለትም።

20 ዓመት ሞላው እንበል። በዚህ ገቢ የ35 ዓመት አማካዩ በወር 219 ዶላር ይሆናል። 90 በመቶው 197 ዶላር ነው። ይኸው ነው ጡረታው። ትክክለኛው የተጣራ ገቢው 25,000 ነው ብለን እንውሰድና እሱን ቢያስመዘግብስ? አማካዩ 1,099 ዶላር ይሆናል። አሁንም ከ1,226 በታች ስለሆነ ሁሉም በ90 በመቶ ይታሰባል። ጡረታው 989 ዶላር ነው።

አንድ ዓመት ብቻ ነጥለን እንየው። ሳይመዘገብ የቀረው 20,000 ዶላር በዓመት 2,290 ዶላር የሶሻል ሴኩሪቲ መዋጮ ነበረው። በምላሹ ጡረታውን በወር በ39 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገደማ ያሳድገው ነበር፣ እስከ ዕለተ ሞቱ። የአንድ ዓመት መዋጮው ጡረታ በወጣ በአምስት ዓመት ውስጥ ይመለሳል ማለት ነው። በርግጥ የሜዲኬር ድርሻና የገቢ ግብርም ይጨመራል፤ ነጻ ነው አላልኩም። ነገር ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለአንድ ዶላር መዋጮ ከፍተኛውን የሚመልሰው ክፍል እሱ የቆመበት ነው። ስሌቱ የተቀመጠው ለሱ ዓይነት ሰው ነው። ታክስ ሠሪው ያስቀረለት የሚመስለው ገንዘብ የሚወሰደው ከዚያ ክፍል ነው። ገቢን አሳንሶ ማስገባት ሕገወጥ መሆኑም አለ፤ ፊርማው ያለው የታክስ ሠሪው ብቻ ሳይሆን የሱም ነው። ነገ የመኪና አደጋ ደርሶበት መሥራት ቢያቅተው የአካል ጉዳት ክፍያውም ከዚሁ መዝገብ ነው የሚሰላው።

«መንግሥት ይጦረናል» የሚለውን በተመለከተ፣ ኤስኤስአይ የሚባለውን ማለቱ ከሆነ እሱ ሌላ ነው። ከመዋጮ የሚመጣ ሳይሆን ለችግረኛ የሚሰጥ ድጎማ ነው። በ2025 የፌዴራሉ ከፍተኛ ክፍያ ለአንድ ሰው 967 ዶላር ነበር። ለማግኘት የአንድ ሰው ንብረት ከ2,000 ዶላር መብለጥ የለበትም፤ ባለትዳር ከሆኑ ለሁለቱ 3,000 ነው። መኖሪያ ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። የሚስቱ ገቢም ይታያል። እህትህ ሠርታ የምታገኘው ጡረታ የሱን ኤስኤስአይ ይቀንሰዋል ወይም ጨርሶ ያስቀረዋል። ዜግነት ለሌለው ሰው ደግሞ በጣም ጥብቅ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ግን ንብረትህን አይጠይቅም።

ስለ ዝቅተኛ ጡረታም ሰምተህ ይሆናል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለረጅም ዘመን በትንሽ ደሞዝ ለሠሩ ሰዎች ልዩ ዝቅተኛ ጡረታ ተደንግጎ ነበር። አሁንም በሕጉ ውስጥ አለ። ነገር ግን የሚያድገው በገበያ ዋጋ እንጂ በደሞዝ ዕድገት ስላልሆነ ዋናው ስሌት አልፎት ሄዷል፤ አዲስ ጡረታ የሚወጣ ሰው ይጠቀምበታል ማለት አይቻልም። አጉል ተስፋ አይጣልበት።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ሦስታችሁ ተቀመጡ። እያንዳንዳችሁ በ ssa.gov በየራሳችሁ አካውንት ገብታችሁ የገቢ መዝገባችሁን አውጡ። ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ ለሶሻል ሴኩሪቲ የተቆረጠበት ገቢ ነው፣ ሌላው ለሜዲኬር። ያንተ ሁለቱ ዓምዶች የሚለያዩበት ዓመት ጣሪያውን ያለፍክበት ዓመት ነው። የእህትህን ከደብሊው-2ዎቿ ጋር አስተያዩት፤ አሠሪ ስም ወይም ቁጥር አሳስቶ የጎደለ ዓመት ካለ ደብሊው-2ው ማስረጃ ሆኖ ያስተካክሉላታል። እዚያ ላይ የሚታየው የጡረታ ግምት እስከ ጡረታ ቀን ድረስ አሁን ባለው ገቢ እንደምትቀጥሉ አድርጎ የተሠራ መሆኑንም አትርሱ። ሥራ ካቋረጣችሁ ቁጥሩ ይወርዳል።

የባሏ ጉዳይ ግን ጊዜ የማይሰጥ ነው። የግል ሠራተኛ ገቢ በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ላይ የሚስተካከለው ያ የታክስ ዓመት ካለቀ በኋላ በ3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ውስጥ ነው። ያ ካለፈ በኋላ ለአይአርኤስ የተስተካከለ ታክስ አስገብቶ ቢከፍል እንኳ ለጡረታው አይቆጠርለትም። የ2023 ገቢ ለምሳሌ እስከ ኤፕሪል 15፣ 2027 ነው ጊዜ ያለው። ሌላ ታክስ ሠሪ ፈልጉለት፣ ፈቃድ ያለው ይሁን። የማይል መዝገቡንና ከኡበር የሚላክለትን የዓመቱን የገቢ ማጠቃለያ ይዞ ይሂድ፤ ትክክለኛው የተጣራ ገቢ የሚወጣው ከነዚያ ነው። ለቤንዚንና ለመኪና ያወጣውን በሕጉ መሠረት ይቀንስ። ከዚያ የቀረውን ግን እንዳለ ያስገባ፤ ጊዜው ካላለፈው ከሩቁ ዓመት ይጀምር።